አንደኛ የወጣ ተማሪ የመሸኛ ንግግር እንዴት ያዘጋጃል?

የሚኒ ሚዲያ ክበባችን በዚህ እትም «ትምህርታዊ» የሚለውን ገጽ ለኔ ስለሰጠኝ አመሰግናለሁ። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የምጽፈው የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሸኙ አንደኛ የወጣው ልጅ መድረክ ላይ ቆሞ ስለሚያደርገው ንግግር ነው። ይሄን ርዕስ የመረጥኩት አምና አንደኛ የወጣችው እህቴ ስለሆነች ነው። ንግግሩን ስትጽፍ፣ ስትቀድድ፣ እንደገና ስትጽፍ ሰዓት ይዤ የማዳምጣት እኔ ነበርኩ። አንዳንዴ እንቅልፌ እየመጣ ማለት ነው።

መጀመሪያ ስለ ቃሉ ትንሽ ልበል። «ምረቃ» እና «ምርቃት» የሚሉት ቃላት የወጡት ከአንድ ግስ ነው፤ «መረቀ» ከሚለው። አዲስ መንገድ ይመረቃል፣ አዲስ ቤት ይመረቃል፣ ተማሪም ይመረቃል። ሽማግሌም ቆሞ ይመርቃል። አያቴ ይሄን ስነግራቸው «ታዲያ እናንተ ስትመረቁ መራቂው ማነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በሌሎች አገሮች ይሄን ንግግር የሚያደርገውን ተማሪ «ቫሌዲክቶሪያን» ይሉታል። ቃሉ የመጣው ከላቲን ነው፤ «ቫሌ» ማለት «ደህና ሁን» ሲሆን ሌላው ክፍል «ማለት» ነው። ስለዚህ እነሱ ዘንድ የልጁ ሥራ ደህና ሁኑ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ግን ደህና ሁኑ ብቻ ብሎ መውረድ አይቻልም። ማመስገን አለ፣ ማሳቅ አለ፣ በመጨረሻም መመረቅ የሚመስል ነገር ማለት አለ። የሚያስቸግረውም አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እኩዮቹን እንዴት ይመርቃል የሚለው ነው።

እህቴ መጀመሪያ የጻፈችው ሰባት ገጽ ነበር። ጮክ ብላ አነበበችልኝ፤ 14 ደቂቃ ፈጀ። የስም ጠሪ መምህራቸው የሰጧት ግን 5 ደቂቃ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግነው መቁጠር ነው። አንድ ገጽ ከንግግሩ ወስዳ በቀስታ፣ ሰው በሚሰማበት ፍጥነት አነበበች፣ እኔ በእናቴ ስልክ ሰዓት ያዝኩ። በአንድ ደቂቃ 90 ቃል አካባቢ ወጣ። 90 ሲባዛ በ5፣ 450 ቃል ነው። ሰው የሚስቅበትና የሚያጨበጭብበት ጊዜ ስላለ ከዚያም 50 ቃል ቀነስን። 400 ቃል ማለት ደግሞ በሷ እጅ ጽሑፍ ሁለት ገጽ ተኩል ነው። እናንተም ስትሠሩ የራሳችሁን አነባበብ ለኩ፤ እኔ ለምሳሌ ስደነግጥ ስለምሮጥ ከሷ በጣም ነው የምፈጥነው።

ማሳጠሩ ከብዷት ስታለቅስ ነበር ማለት ይቻላል። ያን ጊዜ አንድ መምህር የነገሯትን ልንገራችሁ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1863፣ ጌቲስበርግ በሚባል ቦታ የወታደሮች መቃብር ይመረቅ ነበር። ዋናው ተናጋሪ ኤድዋርድ ኤቨረት የሚባል በጣም የታወቀ ሰው ነበር፤ ሁለት ሰዓት ያህል ተናገረ። ከዚያ ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ተነሥቶ ሁለት ደቂቃ ገደማ ተናገረና ተቀመጠ። ንግግሩ በእንግሊዝኛ 270 ቃል አካባቢ ነው። ዛሬ ሰው የሚያስታውሰው የሊንከንን ነው። ኤቨረት ራሱ በማግስቱ ደብዳቤ ጽፎለት፣ እኔ በሁለት ሰዓት ወደ ነገሩ ልብ እርስዎ በሁለት ደቂቃ የቀረቡትን ያህል ብቀርብ ደስ ባለኝ የሚል ሐሳብ ነግሮታል። እህቴ ይሄን ከሰማች በኋላ አራት ገጽ ቀደደች።

ከተቀደደው ውስጥ ብዙው ሰላምታ ነበር። «ክቡር ርዕሰ መምህር፣ ክቡራን የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ተወካዮች፣ ክቡራን የቀበሌ አመራሮች፣ የተከበራችሁ የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት አባላት…» እያለ አንድ ገጽ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። የሚገርመው ይሄን ሁሉ መድረክ መሪው አንድ ጊዜ ብሎታል፣ ርዕሰ መምህሩ ደግመውታል፣ የክብር እንግዳውም ሊሉት ነው። ልጆቹ ፀሐይ ላይ ቆመው አራተኛ ጊዜ ሲሰሙት መቀለድ ይጀምራሉ። ግን ዝም ብሎ መተውም ነውር ነው፤ ሽማግሌ አለ፣ እንግዳ አለ። እህቴ በመጨረሻ እንዲህ አደረገችው፦ «የተከበራችሁ እንግዶቻችን፣ መምህሮቻችን፣ ያሳደጋችሁን ሁሉ፣ እንዲሁም የክፍሌ ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ?» በቃ። «ያሳደጋችሁን» ያለችው አውቃ ነው። መጀመሪያ «እናትና አባቶቻችን» ነበር የሚለው። ክፍላቸው ውስጥ ከአያት ጋር ያደጉ ሁለት ልጆች፣ ከአጎቱ ጋር የሚኖር አንድ ልጅ ነበሩ። ለነዚያ ልጆች የመጣው ሰው እናትም አባትም አይደለም፣ ግን መጥቷል።

አሁን ወደ ምስጋናው ልሂድ። የመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ «ውድ መምህራን፣ እንደ ሻማ ቀልጣችሁ ለደከማችሁልን ውለታ ቃላት የለንም» ይላል። ይሄ ዓረፍተ ነገር በየዓመቱ ይነበባል። እውነት ነው፣ ግን የማንኛውም ትምህርት ቤት ማንኛውም መምህር ሊሆን ይችላል። አጠገቤ የተቀመጡት መምህር ሲሰሙት «እኔን ነው» አይሉም። እህቴ ምን አደረገች፣ ለአሥር የክፍሏ ልጆች አንድ ጥያቄ ጠየቀች፦ «በዚህ ትምህርት ቤት የማትረሱት ማን ምን ሲያደርግላችሁ ነው?» «ማን ጎበዝ ነው» ብላ እንዳልጠየቀች ልብ በሉ። ጎበዝ ማነው ስትሉ ልጆቹ ስም ብቻ ይነግሯችኋል። ምን አደረገ ስትሉ ግን ታሪክ ይመጣል። ከአሥሩ አራቱ ስለ ዘበኛው አወሩ። ጋሼ ዘበኛ ጠዋት ከ1 ሰዓት በፊት በር ከፍተው፣ ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡትን ልጆች በእሳታቸው ዳር እጃቸውን ያሞቁላቸዋል። እዚህ ጣርማ በር ብርዱን የማያውቅ የለም፤ እስክሪብቶ የማይይዝ ጣት ይዞ ሒሳብ መሥራት አይቻልም። ሁለት ልጆች ደግሞ የሒሳብ መምህሯ ሳቢያ ነው ያለፍነው አሉ፤ እረፍት ሰዓት ላይ ሻያቸውን ትተው ክፍልፋይ እንደገና ያስረዷቸው ነበር።

እህቴ ሦስት ሰው ብቻ መረጠች፤ ዘበኛውን፣ የሒሳብ መምህሯን፣ እና በክረምት መግቢያ ድልድዩ ሲሞላ ልጆቹን እጅ ለእጅ አያይዘው ያሻገሩትን አንድ ወላጅ። ሦስት ሲሆን ሌሎቹ መምህራን አይቀየሙም ወይ? እኔም ይሄን ነበር የጠየቅኋት። የሁሉንም ስም ዝርዝር ብታነብ ግን የባሰ ነው፤ 22 ስም አንብባችሁ አንዱን ከዘለላችሁ የሚታወሰው የተዘለለው ብቻ ነው። ስም ሳትጠራ፣ የተደረገውን ነገር እየተናገረች ካመሰገነች በኋላ «ስማችሁን ባልጠራም እያንዳንዳችን አንዳንድ ታሪክ ይዘን ነው የምንሄደው፤ ከፕሮግራሙ በኋላ መጥተን ራሳችን እንነግራችኋለን» አለች። ይሄ ደግሞ እውነት ሆነ። ስልሳ ደቂቃ ያህል መምህራንና ልጆች ሜዳው ላይ ሲያወሩ ነበር፣ አንዳንዶቹ እያለቀሱ።

ቀልዱ ላይ እኔም አስተያየት ሰጥቻለሁ፣ ግን አብዛኛው አልተወሰደም። የመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ አንድ ሁሌም ስለሚያረፍድ ልጅ የሚያስቅ ነገር ነበር። «አንድ ጓደኛችን አለ፤ ስምንት ዓመት ተምሮ ባንዲራ ሲሰቀል አንድ ቀን እንኳ አይቶ አያውቅም» የሚል። እኔ ስሰማው በሳቅ ፈረስኩ። እህቴም ኮርታበት ነበር። ግን ከማንበቧ በፊት ልጁን ብቻውን ጠርታ አነበበችለት። ሳቀ። ጥርሱ ሳቀ ልበል። ከዚያ ትንሽ ዝም ብሎ «አባቴ ይመጣ ይሆን እንዴ?» አላት። ሌላ ምንም አላለም። ልጁ የሚያረፍደው በጎችን አሰማርቶ ስለሚመጣ ነው፤ አባቱ ከታመሙ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። አባትየው ሕዝብ መሐል ተቀምጠው ልጃቸው በሳቸው ምክንያት ሲሳቅበት ሊሰሙ ነበር ማለት ነው። እህቴ ያን ቀልድ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘችው።

ከዚያ ሁለት ነገር ለየች። አንደኛው ራስ ላይ የሚቀለድ ነው። አንደኛ የወጣ ልጅ ላይ ሁሉም ትንሽ ይቀናል፣ ስለዚህ ራሱን ዝቅ ሲያደርግ ሰው ደስ ይለዋል። እህቴ ስድስተኛ ክፍል እያለች የሳይንስ ፈተና ላይ «ጉም ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «ከመስኮቱ ውጭ ያለው ነገር» ብላ ጽፋ ነበር። መምህሩ ኤክስ አድርገው «ልክ ነሽ፣ ግን መልሱ ይሄ አይደለም» ብለው ጻፉባት። ወረቀቱ እስካሁን ቤታችን አለ። ሁለተኛው ሁሉም ሰው ያለበት ቀልድ ነው። ጉም በወረደ ቀን በሰልፍ ላይ ስም ሲጠራ አንድ ልጅ ለሦስት ልጅ «አቤት» እያለ እንደሚመልስ ማን አያውቅም? በዚህ ማንም ብቻውን አያፍርም፤ መምህራኑም ጭምር ስቀውበታል። (አንዱ መምህር ግን «ለካ እንዲህ ነበር!» ብለው ሲቆጡ ሰምቻለሁ።)

ቀልድ የሚገባበት ቦታም አለው። ከምስጋናው በኋላ ከምክሩ በፊት ነው የገባው። መጨረሻ ላይ ብታደርገው ሰው እየሳቀ ይበተንና የተናገርሽው ሁሉ ይጠፋል። ሲስቁ ደግሞ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው፤ በሳቅ መሐል የተነበበ ዓረፍተ ነገር ማንም አይሰማውም። ካልሳቁስ? ካልሳቁ መቀጠል ነው። ቀልዱን ማስረዳት ግን በፍጹም!

አሁን ዋናው ላይ ደረስኩ፣ ምክሩ ላይ። መጀመሪያ የተጻፈው እንዲህ ነበር፦ «ሁላችንም በርትተን ተምረን፣ ዶክተር፣ ኢንጅነር፣ ፓይለት ሆነን የዛሬ አሥር ዓመት እዚሁ እንገናኝ!» የሚያስጨበጭብ ነገር ነው። እህቴ ይሄን ማታ ቤታችን ስታነበው የጎረቤታችን ልጅ፣ የክፍሏ ልጅ ናት፣ ቡና ልትጠራን መጥታ በሩ ላይ ቆማ ሰማችው። «እኔን ከዚህ ውስጥ የት አደረግሽኝ?» አለቻት። ቀልድ መስሎን ሳቅን። እሷ ግን አልሳቀችም። ለካ ሚኒስትሪ እንደተፈተነች አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ሄዳ በሥራ ልታግዝ ቤተሰቧ ቆርጠዋል። ዘጠነኛ የለም። እህቴ ያን ማታ እራት አልበላችም።

በማግስቱ ደብተሯ ላይ የክፍሏን ልጆች ስም በሙሉ ጽፋ በየስማቸው ፊት ከክረምት በኋላ የት እንደሚሆኑ ሞላች። 41 ነበሩ። 27ቱ ዘጠነኛ ክፍል ለመግባት የሚያስቡ ናቸው፤ አብዛኞቹ ደብረ ሲና ወርደው ቤት ተከራይተው፣ ስንቅ ከቤት እየተሸከሙ። ጥቂቶቹ ደብረ ብርሃን ዘመድ ያላቸው ናቸው። የቀሩት 14 ግን ሌላ ነበሩ። በጎቹንና እርሻውን የሚይዝ፣ ሸዋ ሮቢት ወርዶ የቀን ሥራ የሚሠራ፣ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ እቀጠራለሁ የሚል፣ አዲስ አበባ ሰው ቤት የምትገባ፣ «እኔንጃ» ያሉም ነበሩ። ደግሞ የመሸኛው ፕሮግራም ከፈተናው በኋላ፣ ውጤት ከመምጣቱ በፊት ስለሆነ ከ27ቱም ማን እንደሚያልፍ አይታወቅም። ስለዚህ «ዶክተርና ፓይለት» የሚለው ንግግር ለስንት ሰው እንደሆነ አስቡት።

እህቴ ከዚያ በኋላ የተጠቀመችበት ዘዴ ለኔ ከሁሉም በላይ ጠቃሚ ነው። የገጹ ጠርዝ ላይ ሦስት ሰው ጻፈች፤ ዘጠነኛ የሚገባው፣ በጎቹን የሚጠብቀው፣ አዲስ አበባ የምትሄደው። እያንዳንዱን የምክር ዓረፍተ ነገር ለሦስቱም እንደምታነብ አድርጋ ሞከረች። ለአንዱ እንኳ ውሸት ከሆነ ሰረዘች። «በርትታችሁ አጥኑ» ለሁለቱ አልሠራም፤ ወደቀ። «ተስፋ አትቁረጡ» ለሦስቱም ይሆናል፣ ግን ነገ ጠዋት ተነሥተው ምን ያድርጉ? በእጅ የሚያዝ ነገር የለውም፤ እሱም ወደቀ። «ወላጆቻችሁን ታዘዙ» ስትል እኔ ራሴ የጎረቤታችንን ልጅ አስታወስኳት። ወደቀ። ሁለት ቀን ሙሉ ስትሰርዝ ውላ ገጹ ባዶ ሆነ።

ያለፈው የመጀመሪያው ምክር በጣም ትንሽ ነገር ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ካርዳችሁን አትጣሉ የሚል። ዘጠነኛ የሚገባው ለምዝገባ ይጠየቃል። አዲስ አበባ የምትሄደው አንድ ቀን የማታ ትምህርት ልመዝገብ ብትል ያለ ማስረጃ አይመዘግቧትም። በጎቹን የሚጠብቀውም አባቱ ሲሻላቸው ልመለስ ቢል መጀመሪያ የሚባለው «ካርድህስ?» ነው። እኛ ቤት ውስጥ ካርድ የሚቀመጠው ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ነው፤ ጭስ ያጠቁረዋል፣ ጣሪያው ያንጠባጥብበታል፣ አይጥም አለች። ስለዚህ ፎቶ ኮፒ አስነሥቶ ዋናውን በላስቲክ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ማድረግ ነው። ሁለተኛው አንድ የምታምኑትን ሰው ስልክ ቁጥር በቃላችሁ ያዙ የሚል ነው። ስልክ ይጠፋል፣ ወረቀት ይጠፋል፣ ባትሪ ያልቃል። ሰው ቤት የምትኖር ልጅ ደግሞ ቁጥሩ የተጻፈበትን ደብተር ሌላ ሰው ሊይዝባት ይችላል። በቃል የተያዘ ግን ማንም አይወስደውም። ሦስተኛው ቀጠሮ ነው። «የዛሬ አሥር ዓመት» የሚባል ቀጠሮ ማንም አይመጣበትም። በጥምቀት ግን አገር ቤት ያልመጣ ሰው የለም። ስለዚህ «ጥር 12 ቀን፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ የትምህርት ቤቱ በር ላይ» ብላ ጻፈች።

አንድ መምህር ጽሑፉን አይተው ያሉትም ትክክል ነበር። «ትምህርት አታቋርጡ ሳትዪ ልትወርጂ ነው? ማቋረጡን ደህና ነገር አስመሰልሽው እኮ» አሏት። እህቴ ግራ ገባት፤ ብትለው የሚያቋርጡትን ሕዝብ ፊት መውቀስ ሊሆን ነው፣ ባትለው ዝም ማለት ነው። በመጨረሻ የገባት ልጆቹ አይደሉም የወሰኑት የሚለው ነው። ስለዚህ ያን ዓረፍተ ነገር ከልጆቹ አንሥታ ለወሰኑት አደረገችው። እንዲህ ነው የሚለው፦ «ያሳደጋችሁን ሆይ፣ ከኛ መሐል መማር እየፈለገ የማይማር አለ። ልጁን አልመክረውም፣ ፈልጓል። እናንተን ነው የምለምነው፤ ዘንድሮ ካልሆነ ለከርሞ፣ ቀን ካልሆነ ማታ።» ይሄን ስታነብ ሜዳው ጸጥ አለ። ያጨበጨበ ሰው የለም። እኔ ተሳሳተች ብዬ ደነገጥኩ፤ ኋላ አያቴ «ሰው ሲሰማ አያጨበጭብም» ብለው አስረዱኝ።

ስለ ዕለቱ ደግሞ ትንሽ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የተጻፈው ሁሉ በታሰበው መንገድ አልሄደም። ጠዋት ጉም ነበር፤ ከመድረኩ ላይ ሆኖ ሦስተኛው ረድፍ አይታይም። ነፋሱም እንደምታውቁት ነው። ነፋስ ማይክ ውስጥ ሲገባ «ፉፉፉ» የሚል ድምፅ እንጂ ሰው አይሰማም። ማይኩን አፍ ላይ መለጠፍ ያባብሰዋል፤ ከአፍ አንድ ጭብጥ ያህል አርቆ፣ ትንሽ ወደ ጉንጭ አዙሮ፣ ጀርባን ለነፋሱ ሰጥቶ መቆም ነው የሚያዋጣው። ማይኩ «ሲይይይ» ብሎ ከጮኸ ደግሞ ወደ ስፒከሩ ስለዞረ ነው፤ ከስፒከሩ ፊት መውጣት እንጂ መምታት አያስፈልግም። እኛ ክበብ ውስጥ ይሄን የምናውቅ ልጆች ነን፣ ግን ተናጋሪው ካላወቀ ምን ዋጋ አለው።

በንግግሩ መሐል መብራት ጠፋ። ኋላ የነበሩ ልጆች ማፏጨት ጀመሩ። እህቴ ምን እንዳሰበች በኋላ ነገረችኝ፤ በታሪክ የተማርነውን ነው ያሰበችው። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ጣሊያን ወረራ ሊናገሩ ሲቆሙ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት ረበሿቸው። ንጉሡ አልጮኹም፣ አልወረዱም። ረባሾቹ ከአዳራሹ እስኪወጡ ጠበቁና ንግግራቸውን በአማርኛ አደረጉ። እኛ ራስጌ ያለውን 587 ሜትር ዋሻ ያስቆፈረው ያው የፋሺስት መንግሥት ስለሆነ፣ እህቴ በዚያ መንገድ ባለፈች ቁጥር ትዝ ይላታል። እና ወረቀቱን ይዛ ዝም ብላ ቆመች። ሃያ ሰከንድ ያህል ይሆናል፣ ለኔ ግን ሰዓት መሰለኝ። ፉጨቱ ሲያልቅበት ሜጋፎን አቀበልናት፣ ካቆመችበት ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ጀመረች። «ይቅርታ» ብላ ወይም ስለ መብራቱ አውርታ ጊዜ አላጠፋችም።

ስሕተትም ነበር። ካፊያው ወረቀቱን አርጥቦት ሁለት ገጽ ተጣብቆ ዞረ፣ የዘበኛው ምስጋና ሳይነበብ ታለፈ። ከልጆቹ አራቱ የነገሯት ታሪክ! ከወረደች በኋላ ነው ያወቀችው። ወደ በሩ ሄዳ ጋሼን ራሷ ነገረቻቸው፣ ገጹንም ሰጠቻቸው። ማንበብ ስለማይችሉ እኔ አነበብኩላቸው። «እሳቱን እኮ ለራሴም ነው የማነደው» አሉና ሳቁ። ከዚህ የተማርኩት በወረቀቱ በአንድ ፊት ብቻ መጻፍ፣ ገጹን ቁጥር መስጠት፣ ካርቶን ላይ በመርፌ ቁልፍ መያዝ ነው። በቃል ይዞ መናገርስ አይሻልም ወይ የምትሉኝ ካላችሁ፣ እኔ የመጀመሪያዋንና የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ በቃል መያዝ ይሻላል እላለሁ። ሁሉንም በቃሉ የያዘ ልጅ አንድ ቃል ሲረሳ ሁሉም ነው የሚጠፋበት፤ ካቻምና አይተነዋል፣ ስሙን አልጠራም።

የንግግሩ መጨረሻ እንዲህ ነበር፦

«የክፍሌ ልጆች፣ እኔ አንደኛ የወጣሁት በፈተና ነው። ድልድይ በመሻገር፣ በግ በመመለስ፣ እንጀራ በመጋገር ፈተና ቢኖር ስንተኛ እንደምሆን ታውቃላችሁ። ከነገ ጀምሮ እያንዳንዳችን የተለያየ ፈተና ነው የምንፈተነው፤ መልስ መቀባበልም አይቻልም። ካርዳችሁን በላስቲክ ጠቅልሉ። አንድ ቁጥር በቃላችሁ ያዙ። ጥር 12 ቀን በ8 ሰዓት በሩ ላይ ነኝ። ብቻዬን ካቆማችሁኝ ግን ለሦስታችሁ ‹አቤት› እላለሁ። እግዜር ይከተላችሁ።»

ለሦስታችሁ «አቤት» እላለሁ ስትል ያ የጉሙ ቀልድ ተመልሶ መጣና እያለቀሱ ሳቁ። አያቴ ደግሞ «አሜን» አሉ፤ ከዚያ ሽማግሌዎቹ ሁሉ «አሜን» አሉ። መራቂው ማነው ብለው የጠየቁኝ እሳቸው ስለሆኑ ዞሬ አየኋቸው፣ እሳቸው ግን አላዩኝም።

ጥር 12 ቀን 19 ልጆች መጡ። ያ በግ የሚጠብቀው ልጅ በጎቹን ይዞ ነው የመጣው፣ ስለዚህ በዓሉ ላይ በጎችም ነበሩ። የጎረቤታችን ልጅ አልመጣችም፤ አልለቀቋትም። መጋቢት ላይ ግን በእናቴ ስልክ ደወለች። በቃሏ የያዘችው ቁጥር የኛ ነበር። ብዙ አላወራችም፤ ካርዷ የት እንዳለ እንድናይላት ነው የፈለገችው። ሣጥን ውስጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ ነበር። ፎቶ ኮፒውን ለእናቷ አስቀርተን ዋናውን ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ በምናውቀው ሰው ላክንላት።

ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ሆናችሁ ንግግሩ የሚደርሳችሁ ካላችሁ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ወደ ሚኒ ሚዲያ ክፍል ኑ። ሰዓት እንይዝላችኋለን፣ ማይኩንም ትለማመዱበታላችሁ። ሜጋፎኑ ባትሪ ስለጨረሰ አራት ድንጋይ የሚያመጣ ሰው እንፈልጋለን።